መስኮቱ ውስጥ የቆመው ማን ነው? የካሜራ ማንን ነጸብራቅ የማጥፋት ታሪክ

ሐሮ ወንጪን ታውቁታላችሁ? «ሐሮ» በአፋን ኦሮሞ ሐይቅ ማለት ነው። በአምቦና በወሊሶ መካከል፣ የጥንት እሳተ ገሞራ በተወው ጉድጓድ ውስጥ የተኛ ሐይቅ ነው። በዙሪያው ያለው ተራራ ጫፉ ከ3,300 ሜትር በላይ ከፍታ አለው፤ መሐል ላይ ባለችው ደሴት ደግሞ የቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል።

እስቲ እዚያ ሄዳችሁ አጭር ፊልም ልትሠሩ ነው እንበል። መነጽር ያደረጉ አንድ አዛውንት ቤታቸው ውስጥ፣ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው ሐይቁን ያያሉ። እናንተ ውጭ፣ ፀሐይ ላይ ቆማችሁ በመስኮቱ መስታወት በኩል ትቀርጿቸዋላችሁ። በዐይናችሁ ስታዩ ፊታቸው በደንብ ይታያል። ቀረጻውን ከፍታችሁ ስታዩት ግን መስኮቱን የሞላው ነጠላ የለበሰ፣ ካሜራ የያዘ ሰው ነው፤ ያ ሰው ደግሞ እናንተው ናችሁ! አዛውንቱ ከኋላው እንደ ጥላ ደብዝዘዋል። የመነጽራቸውም መስታወት ነጭ ሆኖ ዐይናቸውን ሸፍኖታል።

ይህን ሰው ከመስታወቱ ላይ እንዴት እናስወጣው? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። መልሱ ግን ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የፈጀ ታሪክ አለው፤ ታሪኩም የሚጀምረው ከሌላ መስኮት ነው።

የፓሪሱ መስኮት

እ.ኤ.አ. በ1808 ነው። ኤቲየን ሉዊ ማሉስ የተባለ ፈረንሳዊ መሐንዲስ ፓሪስ በሚገኘው ቤቱ ሆኖ በማዶ ያለውን የሉክሰምበርግ ቤተ መንግሥት ያያል። ፀሐይ እየጠለቀች ስለነበር የቤተ መንግሥቱ መስኮቶች ጨረሯን መልሰው ያብለጨልጫሉ። ማሉስ በእጁ ካልሳይት የሚባል፣ እንደ መስታወት የጠራ ማዕድን ይዟል። ይህ ማዕድን አንድ የሚገርም ጠባይ አለው፤ በእሱ በኩል የሚታይ ነገር ሁሉ ሁለት ሆኖ ይታያል።

ማሉስ መስኮቶቹን በማዕድኑ በኩል ሲያይ ነጸብራቁ እንደተጠበቀው ሁለት ሆነ። ያልተጠበቀው የመጣው ማዕድኑን በእጁ ሲያዞረው ነው። አንዱ ምስል ሲደምቅ ሌላው ይደበዝዛል፣ ትንሽ ሲያዞረው ደግሞ ተራ ይለዋወጣሉ። በቀጥታ ከፀሐይ የመጣ ብርሃን እንዲህ አያደርግም፤ ስለዚህ መስታወቱ ነጥሮ በሚመለሰው ብርሃን ላይ አንድ ነገር አድርጓል ማለት ነው። ማሉስ እዚያ ላይ አላበቃም። ጨለማ ሲሆን ሻማ አብርቶ ብርሃኑን በውሃ ላይ አንጸባረቀውና ተመሳሳይ ነገር አየ።

ምን ሆኖ ነው? ብርሃንን እንደ ገመድ አስቡት። አንዱን ጫፍ ይዛችሁ ስታወዛውዙት ገመዱ ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወይም ወደ ግራና ቀኝ ሊወዛወዝ ይችላል። የፀሐይ ብርሃን በሁሉም አቅጣጫ የሚወዛወዝ ድብልቅ ነው። ውሃ ወይም መስታወት ላይ ሰያፍ ሆኖ ሲያርፍ ግን ነጥሮ የሚመለሰው በአብዛኛው ከገጹ ጋር ትይዩ የሚወዛወዘው ክፍል ነው። ዛሬ ፖላራይዘር የምንለው ፊልተር ደግሞ እንደ እንጨት አጥር ነው። የአጥሩ ክፍተት ቁልቁል ከሆነ ወደ ላይና ወደ ታች የሚወዛወዘውን ያሳልፋል፣ አግድም የሚወዛወዘውን ያግዳል። ፊልተሩን አዙራችሁ ትክክለኛው ቦታ ላይ ስታቆሙት ነጸብራቁ ይጠፋል፤ ከመስታወቱ ጀርባ ያለው ነገር ግን ይቀራል።

ይህ በደንብ የሚሠራበትን ማዕዘን ስኮትላንዳዊው ዴቪድ ብሩስተር እ.ኤ.አ. በ1815 በሕግ አስቀመጠው። በገጹ ላይ ቀጥ ብሎ ከቆመ መስመር ስንለካ ለውሃ 53 ዲግሪ፣ ለመስታወት 56 ዲግሪ ገደማ ነው። ወንጪ ላይ ራሳችሁ ልትሞክሩት ትችላላችሁ። ሐይቁ ዳር ቁሙ፤ ዐይናችሁ ከውሃው በ1.6 ሜትር ከፍ ብሎ ከሆነ፣ ከፊታችሁ 2 ሜትር አካባቢ ያለውን ውሃ በፖላራይዘር መነጽር እዩት። በውሃው ላይ የነበረው የሰማይ ነጸብራቅ ይጠፋና ከሥሩ ያለው ጠጠር ይታያል። ራቅ ያለውን ውሃ ስታዩ ግን ነጸብራቁ ይቀንሳል እንጂ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፤ ማዕዘኑ ተለውጧላ!

ለረጅም ጊዜ ይህ ጥበብ የቤተ ሙከራ ነገር ሆኖ ቆየ፤ ተስማሚው ማዕድን ውድና ትንሽ ነበር። ነገሩን የለወጠው ኤድዊን ላንድ የተባለ አሜሪካዊ ወጣት ነው። ዩኒቨርሲቲውን አቋርጦ ወጥቶ፣ ብዙ ጥቃቅን ክሪስታሎችን በአንድ አቅጣጫ ደርድሮ ቀጭን ገበታ ላይ የማስቀመጥ ዘዴ ፈለሰፈ። የፈጠራ መብት ሲጠይቅ እ.ኤ.አ. 1929 ነበር፤ ዕድሜው ገና 19። ከዚያ በኋላ ፊልተሩ በማንኛውም ካሜራ ፊት ሊገጠም ቻለ።

ፊልተሩ እናንተን ለምን አያጠፋም?

«በቃ፣ ፖላራይዘር ገዝተን ካሜራው ላይ እንግጠም» ትሉ ይሆናል። ቆይ! እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው።

ጠፍጣፋ መስታወት ላይ የራሳችሁን ምስል የምታዩት መቼ ነው? ፊት ለፊት ስትቆሙ ብቻ ነው። ከእናንተ የወጣው ብርሃን መስታወቱን ቀጥ ብሎ መትቶ፣ በመጣበት መንገድ ወደ እናንተ ይመለሳል። ማዕዘኑ ዜሮ ነው። ዜሮ ዲግሪ ላይ ደግሞ መስታወቱ አንዱን አወዛወዝ ከሌላው አይለይም፤ ሁሉንም እኩል ይመልሳል። ስለዚህ ፖላራይዘሩን ብታዞሩት ብታዞሩት ሰውየው ንቅንቅ አይልም። ፊልተሩ የሚያስከትለው ነገር ቢኖር ግማሽ ያህሉን ብርሃን በልቶ ሙሉ ምስሉን ማጨለም ነው።

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ነው፤ ራሳችሁን የምታዩበት ቦታ ላይ ፊልተሩ አይሠራም፣ ፊልተሩ በደንብ የሚሠራበት ቦታ ላይ ደግሞ እናንተ መስታወቱ ውስጥ የላችሁም። እዚያ የሚያጠፋው የሰማዩን፣ የተራራውን ወይም የቆመውን መኪና ነጸብራቅ ነው።

በቁጥር እንየው። መስኮቱ 1 ሜትር ስፋት አለው፣ ካሜራው በ2 ሜትር ርቀት ላይ ነው እንበል። ከመስኮቱ መሐል ወደ ጎን 80 ሴንቲ ሜትር ብትሄዱ ከመስታወቱ ጠርዝ አልፋችኋልና ምስላችሁ ይወጣል። አንድ ሰፊ ርምጃ ማለት ነው! ፖላራይዘሩ ሙሉ ኃይሉን እንዲያሳይ ግን 56 ዲግሪ ያስፈልጋል፤ ለዚያ ደግሞ ወደ ጎን 3 ሜትር መሄድ አለባችሁ። ከዚያ ቦታ አዛውንቱን ስታዩ የምታገኙት ፊታቸውን ሳይሆን ትከሻቸውንና ጆሯቸውን ሊሆን ይችላል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ወደ ጎን መሸሽ የሚረዳው መስታወቱ ጠፍጣፋ ሲሆን ነው። የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ብትቀርጹ የትም ብትቆሙ አንድ ቀጭን የራሳችሁ ምስል አብሯችሁ ይዞራል፤ ምክንያቱም ክብ ገጽ ላይ ሁልጊዜ ወደ እናንተ ፊት ለፊት የሚያይ አንድ ክፍል አለ። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣውን «ዘ ማትሪክስ» ፊልም የሠሩ ሰዎች የገጠማቸው ይኸው ነው። የሚያብረቀርቅ የበር እጀታ በቅርብ ሲቀርጹ ካሜራው እጀታው ላይ ይታይ ነበር። መሸሽ ስለማይቻል ካሜራውን በኮት ሸፈኑት፤ እዚያው በነጸብራቁ ውስጥ የሚታየውን ተዋናይ ልብስ እንዲመስልም ከረባት ጨመሩበት። ካሜራው ተሰውሮ ሰው መሰለ።

ጥቁር ጨርቅ

ግን ፊት ለፊት መቆም የግድ ቢሆንስ? ከፊልተር በፊትም ፎቶ አንሺዎች የሚያውቁት መፍትሔ ጥቁር ጨርቅ ነው። ለምን እንደሚሠራ ለማየት ትንሽ ሒሳብ እንሥራ።

ተራ የመስኮት መስታወት ከእያንዳንዱ ገጹ 4 በመቶ ገደማ ብርሃን ይመልሳል። ሁለት ገጽ ስላለው በድምሩ 8 በመቶ፤ የቀረው 92 በመቶ ያልፋል። ውጭ ያለውን ብርሃን 100 እንበለው። ቤት ውስጥ ያለው ከዚያ 50 ጊዜ ቢያንስ 2 ይሆናል። የአዛውንቱ ፊት የሚያርፍበትን ብርሃን 35 በመቶ ቢመልስ 0.7 ይሆናል፤ መስታወቱን አልፎ ካሜራው ጋ ሲደርስ 0.64።

እናንተስ? ነጭ ነጠላ 80 በመቶ ያህል ይመልሳል። ከ100 ላይ 80፣ የሱ 8 በመቶ 6.4። ተመልከቱ፤ የነጠላችሁ ነጸብራቅ ከአዛውንቱ ፊት አሥር ጊዜ ይደምቃል! መስታወቱ ጥቂት ብቻ ቢመልስም፣ ጥቂቱ የተወሰደው ከብዙ ላይ ነው።

አሁን ራሳችሁንና ካሜራውን 4 በመቶ ብቻ በሚመልስ ጥቁር ጨርቅ ሸፍኑና ለሌንሱ ብቻ ቀዳዳ ተዉ። ነጸብራቁ ወደ 0.32 ይወርዳል፣ የፊቱ ግማሽ ማለት ነው። ጨርቁን ደግሞ ዣንጥላ ሥር፣ ጥላ ውስጥ ብታደርጉት ከዚያም በጣም ይቀንሳል። በሌላ በኩል ቤት ውስጥ አንድ ብርቱ መብራት ብታበሩ ፊቱ ይደምቃል። በሁለቱም መንገድ ሥራው አንድ ነው፤ በእናንተና በአዛውንቱ መካከል ያለውን የብርሃን ልዩነት መገልበጥ።

መነጽሩ

መስኮቱን አሸነፍን እንበል። ገብታችሁ አጠገባቸው ስትቀርጹ የመነጽራቸው ጉዳይ ይቀራል። የድምፅ አልባ ፊልሞች ዘመን ኮሜዲያን ሃሮልድ ሎይድ ይህን ችግር በአቋራጭ ነው የፈታው። ክብ መነጽሩ መለያው ነበር፤ ግን መስታወት የለውም ነበር፣ ባዶ ፍሬም ብቻ! መስታወት ቢኖረው የመብራቶቹ ነጸብራቅ ዐይኑን ይሸፍነዋል። ለተዋናይ ይሄ ይሆናል፤ ያለ መነጽር የማያዩትን አባት ግን «አባባ፣ መስታወቱን እናውጣው» አይባልም።

የሚባለው ሌላ ነው፤ «አባባ፣ የመነጽሩን እጀታ ከጆሮዎ ላይ ትንሽ ከፍ ላድርግልዎ?» እጀታው ከፍ ሲል የመነጽሩ መስታወት ወደ መሬት ያዘነብላል። መስታወት በ10 ዲግሪ ሲያዘነብል ነጸብራቁ በእጥፍ፣ በ20 ዲግሪ ይዞራል። ካሜራው በ2 ሜትር ርቀት ላይ ከሆነ መነጽሩ አሁን የሚያንጸባርቀው ሌንሱን ሳይሆን ከሌንሱ 73 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ያለውን ቦታ ነው። እዚያ ጥቁር ጨርቅ አንጥፉ። ነጭ ሸሚዝ ወይም ብሩህ ሲሚንቶ ካለ ግን እሱ ተተክቶ ይታያል። ከመጠን በላይ ካዘነበለ ደግሞ የመነጽሩ ጠርዝ ዐይናቸውን መቁረጥ ይጀምራል፤ ያን ጊዜ ማቆም ነው።

ሌላው መንገድ መስታወቱ ራሱ እንዳይመልስ ማድረግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1938 ጄኔራል ኤሌክትሪክ ውስጥ ትሠራ የነበረችው ካትሪን ብሎጀት መስታወትን 44 የሞለኪውል ድርብርብ ባለው እጅግ ስስ ሽፋን ለበጠችው። ውፍረቱ የተመረጠው ከሽፋኑ ላይ የሚመለሰው የብርሃን ሞገድና ከመስታወቱ ላይ የሚመለሰው ሞገድ ተጋጭተው እንዲጠፋፉ ነው። ማዕበሉ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይወርዳል፣ ድምሩ ጸጥታ ይሆናል። የሷ ሽፋን ለስላሳ ስለነበር በቀላሉ ይጠረግ ነበር፤ የዛሬ መነጽሮች በዚሁ ሐሳብ፣ በጠነከሩ ቁሶች ይለበጣሉ። እንዲህ ያለ መነጽር እንዴት ይታወቃል? ወደ መብራት ስታዘነብሉት ነጩን ሳይሆን ደብዛዛ አረንጓዴ ወይም ወይን ጠጅ ነጸብራቅ ያሳያል፤ ስስ ሽፋን ሁሉንም ቀለም እኩል ሊያጠፋ አይችልምና። ፖላራይዘር ያቃተውን የዜሮ ዲግሪ ነጸብራቅ ይህ ሽፋን መቀነስ መቻሉን ልብ በሉ።

ከተቀረጸ በኋላ

ከወንጪ ወጥታችሁ ቤት ገብታችኋል፤ ነጸብራቁን ያያችሁት አሁን ነው። ተመልሶ መሄድ አይቻልም። ኮምፒውተር ያድነን ይሆን?

እዚህ ላይ የሚረዳን አንድ እውነት አለ፤ ካሜራው የመዘገበው ድምር ነው። ቅድም በቁጥራችን 0.64 እና 6.4 ተደምረው 7.04 ሆኑ። 6.4ቱን ለብቻው ካወቅን መቀነስ እንችላለን። ስለዚህ ጠንቃቃ ቀራጮች ካሜራቸውን ሳያንቀሳቅሱ፣ ከመስኮቱ ጀርባ ጥቁር ጨርቅ አስይዘው ነጸብራቁን ብቻ አንድ ጊዜ ይቀርጻሉ። በኋላ ይቀንሱታል። ይህ የሚሠራው ግን ካሜራ ማኑ በሁለቱም ቀረጻ በአንድ ዓይነት አቋቋም ከቆመ ነው፤ ጭንቅላቱን ካዘነበለ ጠርዙ ላይ ጥቁርና ነጭ መስመር ያለው የሙት መንፈስ የመሰለ ነገር ይቀራል። ስልካችሁ ምስሉን ሲያስቀምጥም ጨለማውን አንስቶ ብሩሁን ጨቁኖ ስለሆነ፣ መቀነሱ ካሜራው መጀመሪያ በለካው ጥሬ መጠን ላይ መሠራት አለበት። ነጠላው ከመጠን በላይ ደምቆ ወጥ ነጭ ከሆነማ የአዛውንቱ ፊት እዚያ ቦታ ላይ አልተመዘገበም፤ ያልተመዘገበ ደግሞ አይመለስም።

እ.ኤ.አ. በ1999 ሀኒ ፋሪድና ኤድዋርድ አደልሰን የማሉስን ግኝት ወደ ኮምፒውተር አመጡት። በመስታወት የተሸፈነ ሥዕልን ፖላራይዘሩን በተለያየ አቅጣጫ አዙረው ሁለት ጊዜ አነሱ። በሁለቱ ፎቶዎች ውስጥ የሥዕሉና የነጸብራቁ መጠን ይለያያል፤ ኮምፒውተሩ ከዚህ ልዩነት ሁለቱን ለያቸው። ግን ልዩነት እንዲኖር ሰያፍ ማዕዘን ያስፈልጋል። ለፊት ለፊቱ ሰው አሁንም አይሆንም!

እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ የኤምአይቲና የጉግል ተመራማሪዎች በሌላ በር መጡ፤ በእንቅስቃሴ። ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ በመኪና ስትሄዱ የቅርቡ ዛፍ ይሮጣል፣ የሩቁ ተራራ ይጎተታል። ስልካችሁን ቀስ ብላችሁ ወደ ጎን ስታንቀሳቅሱም ነጸብራቁና ከመስታወቱ ጀርባ ያለው ነገር በተለያየ ፍጥነት ይሄዳሉ። ዘዴያቸው በዚህ የፍጥነት ልዩነት አንዱን ከሌላው ይለያል። ጀርባ ያለው ነገር ዝም ብሎ ከቆመ ጥሩ ነው፤ አዛውንቱ እጃቸውን እያወናጨፉ ካወሩ ግን ስሌቱ ይደናገራል።

ለመነጽር እስከ ዛሬ በብዙ ፊልም ውስጥ የሚሠራበት መንገድ የእጅ ሥራ ነው። ነጸብራቅ ካላረፈበት ፍሬም የዐይኑን ክፍል ቆርጦ፣ የጭንቅላቱን እንቅስቃሴ እየተከተሉ በተበላሸው ላይ መለጠፍ። በሰከንድ 25 ፍሬም ከሆነ የ10 ሰከንድ ቀረጻ 250 ምስል ነው። ያላለቀ ሥራ የሚታወቀው በዐይን ርግብግቢት ነው፤ አዛውንቱ ሲጨፍኑ መነጽሩ ውስጥ ያለው ዐይን ተከፍቶ ከቀረ የሆነ ሰው ነካክቶታል።

የማይጠፋው መስታወት

ይህን ሁሉ አድርጋችሁም አንድ መስታወት ይቀራል፤ ዐይናቸው ራሱ። የዐይን ብሌን ፊት እንደ ጠርሙሱ ክብ ስለሆነ የትም ብትቆሙ ትታዩበታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2013 የዮርክ ዩኒቨርሲቲው ሮብ ጄንኪንስና የግላስጎው ዩኒቨርሲቲዋ ክሪስቲ ኬር በጣም ጥራት ባለው ካሜራ ሰዎችን አንስተው ዐይናቸው ላይ ያለውን ነጸብራቅ አጎሉት። እዚያ ውስጥ ከካሜራው ጎን የቆሙ ሰዎች ፊት ነበረ። ብዥ ያለና ትንሽ ቢሆንም፣ የሚያውቋቸው ሰዎች ማን እንደሆኑ መለየት ችለዋል። ተመራማሪዎቹ ይህ ለወንጀል ምርመራ ሊጠቅም እንደሚችል ጽፈዋል።

ስለዚህ ነጸብራቁ ምስክር ነው። ፎቶውን ማን እንዳነሳው፣ አጠገቡ ማን እንደነበረ፣ መስኮቱ ወዴት እንደሚያይ ይናገራል። ለልብ ወለድ ፊልም ማጥፋቱ ሥራው ነው። የወንጪው አዛውንት የተናገሩት ግን የአካባቢ ታሪክ ነው፤ ከሃምሳ ዓመት በኋላ አንድ ሰው ቀረጻውን ከፍቶ «ይህን ማን ቀረጸው? ማንስ አብሮ ነበር?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ጨርቁንና ማዘንበሉን በቀረጻ ጊዜ ተጠቀሙባቸው፤ ከተቀረጸ በኋላ የምታጠፉትን ግን በቅጂው ላይ አጥፉ፣ ዋናውን ፋይል እንዳለ አስቀምጡት።